ቆጥረሽ ፈርሚ

አሶሳ ውስጥ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነበረ እንበል። ወሩ ግንቦት ነው። ማንጎ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ መሀል አገር የሚወጡበት፣ ነጋዴውም ገንዘቡን በየዕለቱ የሚያስገባበትና የሚያወጣበት ወቅት ነው። በዚያ ላይ የወርቁ ሥራ አለ። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወርቅ የሚያጥበው ሰው ዋጋውን በእጁ ቆጥሮ መቀበል ይፈልጋል። ስለዚህ ወርቁን የሚሰበስቡት ነጋዴዎች ጥሬ ብር ለማውጣት ጠዋት ጠዋት ባንክ በር ላይ ይሰለፋሉ።

በዚህ ቅርንጫፍ አንዲት ወጣት ገንዘብ ያዥ ሆና ተቀጠረች። የባምባሲ ልጅ ናት። ሒሳብ አያያዝ ተምራ፣ ሥልጠናዋን ጨርሳ፣ ከሌላ ገንዘብ ያዥ ጎን ተቀምጣ ስታይ ሰንብታ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መስኮት ልትይዝ ነው። ዋናው ገንዘብ ያዥ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሠራተኛውም ደንበኛውም ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው።

ጠዋት ካዝናው ተከፈተ። ካዝናው በሁለት ቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ አንዱ ጋሼ ዘንድ፣ ሌላው ተቆጣጣሪው ዘንድ ይውላል። አንዱ የሌላውን ቁልፍ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አይይዝም፤ ሽንት ቤት ለመሄድም ቢሆን «እስክመለስ ያዝልኝ» የለም። ጋሼ የልጅቷን የዕለት መነሻ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። መቶ ኖት አንድ እስር ነው። ባለ 200 ብር አሥር እስር፣ 200,000 ብር ማለት ነው። ባለ 100 አምስት እስር፣ 50,000። ባለ 50 አራት እስር፣ 20,000። ባለ 10 አምስት እስር፣ 5,000። በጠቅላላው 275,000 ብር። ከዚያ የርክክቡን ሰነድ አቀረቡላት።

«ቁጠሪና ፈርሚ፣ ልጄ» አሏት።

ልጅቷ እስሮቹን ቆጠረች፤ ሃያ አራት ናቸው፣ ልክ ናቸው። ኖቶቹን ግን አልቆጠረችም። ማሽኑ አጠገቧ ነበረ፤ ሃያ አራት እስር አንድ በአንድ ፈትቶ ማሳለፍ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ነገር ግን ጋሼ ፊቷ ቆመዋል። በአባቷ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያወጡትን ብር ዓይናቸው እያየ መቁጠር «አላመንኩዎትም» ማለት መሰላት። ከመስታወቱ ማዶ ደግሞ ሰው ተሰልፏል። ፈረመች። ጋሼም አንድ በአንድ አለመቁጠሯን አይተው ዝም አሉ፤ የልጅቷን የመጀመሪያ ቀን በቁጣ ማስጀመር ከበዳቸው።

ረፋዱ ላይ አንድ ወርቅ ነጋዴ ሐጂ መጡ። 180,000 ብር ማውጣት ይፈልጋሉ። ልጅቷ መታወቂያቸውን አየች፣ ፊርማቸውን ከናሙናው ጋር አስተያየች፣ ሒሳባቸው ላይ በቂ ገንዘብ መኖሩን አረጋገጠች። መጠኑ ከእሷ ሥልጣን በላይ ስለሆነ ተቆጣጣሪው አጸደቀው። ይኼን ሁሉ በወጉ ሠራች። ከዚያ ዘጠኝ እስር ባለ 200 በመስኮቱ አሳለፈችላቸው።

ሐጂ ከመስኮቱ ንቅንቅ አላሉም። አንዱን እስር ፈትተው ማሰሪያ ወረቀቱን ክርናቸው ሥር አደረጉና በአውራ ጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሲጨርሱ መልሰው አስረው ወደ ሁለተኛው አለፉ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ።

«ሐጂ፣ የባንክ እስር እኮ ነው» አለቻቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። የመንጌ ሴቶች ወርቃቸውን ሚዛኔ ላይ ሳስቀምጥ ዓይናቸውን ከሚዛኑ አይነቅሉም። ተቀይሜባቸው አላውቅም። ሚዛኑን ስላዩ ነው ነገም ተመልሰው ወደ እኔ የሚመጡት።» ይኼን ብለው ቆጠራቸውን ቀጠሉ።

በዚህ መሀል ከጎን መስኮት ያለው ባልደረባዋ «የባለ 10 ዝርዝር አለሽ?» ብሎ ጠራት። ዞር አለች። አንድ እስር ባለ 10 አውጥታ ሰጠችው፣ አንድ ሺህ ብር ተቀበለችው፣ ቆጠረችው፣ ተመልሳ ወደ መስኮቷ ዞረች።

«ይኸኛው ዘጠና ስምንት ነው» አሉ ሐጂ።

ተቀብላ ማሽን ላይ አደረገችው። ዘጠና ስምንት። ገልብጣ ደገመችው። ዘጠና ስምንት። ሁለት ባለ 200 ኖት ጎድሏል፤ 400 ብር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ አድርገን ልጅቷ የቆመችበትን ቦታ እንይ። ሁለቱ ኖቶች የት ቀሩ? ምናልባት እስሩ ሲታሰር ጀምሮ ጎዶሎ ነበር። ምናልባት ካዝና ውስጥ፣ ምናልባትም ከጋሼ እጅ ወደ እሷ ሲተላለፍ ጎደለ። ምናልባት መሳቢያዋ ውስጥ ወደቀ። ወይም ፊቷን ባዞረችባት በዚያች ቅጽበት መስኮቱ ላይ ጠፋ። ከእነዚህ አንዱንም በእርግጠኝነት መካድ አትችልም። ጠዋት ቆጥራ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አይነሡም ነበር። ፊቷን ባታዞር ኖሮ የመጨረሻው አይነሣም ነበር። አሁን ግን ሦስት ሐቀኛ ሰዎች፣ ጋሼ፣ ሐጂና እሷ ራሷ፣ በአንድ ጥርጣሬ ሥር ቆመዋል። ማንንም አላምንም ላለማለት ብላ የተወችው ቆጠራ ሁሉንም አስጠረጠረ።

መስኮቱ ዙሪያ ያሉት ደግ ሰዎች ናቸውና ነገሩን በደግነት ሊዘጉት ፈለጉ። ሐጂ «ተዪው፣ ልጄ፣ ለአራት መቶ ብር ብለሽ አትጨነቂ» አሉ። ባልደረባዋ «እኔ ሁለት መቶ ልጨምር፣ አንቺም ሁለት መቶ ጨምሪና ይለቅ» አለ። እሷ ቦርሳዋን ከፈተች።

ጋሼ መጡ። መጀመሪያ የጠየቁት ብሩን አይደለም።

«ማሰሪያ ወረቀቱ የታለ?»

ሐጂ ክርናቸውን አነሡ፤ ወረቀቱ እዚያው ነበረ። ቀኑ ተጽፎበታል፣ የቆጠረው ሠራተኛ ፈርሞበታል። ፈራሚው በዚያው ሳምንት ወደ ፓዌ የተዛወረ ገንዘብ ያዥ ነው። ጋሼ ወረቀቱን ከዘጠና ስምንቱ ኖት ጋር ፖስታ ውስጥ ከተቱ፤ ፖስታውን አሽገው እሳቸው፣ ልጅቷና ተቆጣጣሪው በመዝጊያው ላይ ፈረሙበት። ከዚያ ልጅቷ አሥረኛውን እስር አውጥታ ሐጂ እያዩ ሁለት ጊዜ በማሽን እንድታሳልፈው አደረጉ። መቶ ሞላ። ሐጂም ቆጠሩት። ቀሪዎቹንም እዚያው ጨርሰው 180,000 ብራቸውን ይዘው ሄዱ።

«ቦርሳሽን ዝጊ» አሏት ጋሼ። «የግል ገንዘብ እዚህ መስኮት ውስጥ አይገባም። ዛሬ ከኪስሽ አራት መቶ ብር ብትጨምሪ ማታ ሒሳቡ ይገጥማል፤ ከገጠመ ደግሞ የጎደለውን የሚፈልገው ሰው አይኖርም።»

ልጅቷ ቀኑን እንዴት እንደዋለች አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም ሲጠራት አልዞረችም፤ የያዘችውን ሳትጨርስ ሌላ አልነካችም። አንድ የማንጎ ነጋዴ ብሩን በፌስታል አምጥቶ «ጋሼ ያውቁኛል፣ ቆይቼ ልምጣ» ብሎ ሊወጣ ሲል፣ «እባክዎ እስኪቆጠር እዚሁ ይቁሙ» አለችው። ገቢ ማድረጊያ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን የየኖቱን ብዛት ከእጇ ጋር እያስተያየች ቆጠረች፤ ማኅተሟን ያሳረፈችው ቆጠራው ካለቀና ድምሩ ከገጠመ በኋላ ነው።

በሩ ተዘጋ። የቀኑን ሒሳብ ስትዘጋ ሲስተሙ እጇ ላይ 318,650 ብር መኖር እንዳለበት አሳየ። ፖስታው ውስጥ ያለውን 19,600 ጨምሮ ስትቆጥር 318,250 ሆነ። ጉድለቱ ያው 400 ብር ነው። ጋሼ የጉድለት መመዝገቢያውን ሰጧት፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የተገኘበትን ሰዓትና ሁኔታ ጻፈች፤ ፊርማዋን አሳረፈች። በመጀመሪያ ቀኗ በስሟ የተመዘገበ ጉድለት ሆነ። አለቀሰች።

ተቆጣጣሪው ግን ገና ሥራውን አልጀመረም። መጀመሪያ 400ን ለዘጠኝ አካፈለ፤ እኩል አይካፈልም። ገንዘብ ሲመዘገብ ሁለት አኃዝ ቦታ ቢለዋወጥ፣ ለምሳሌ 5,400 መባል ያለበት 4,500 ተብሎ ቢገባ፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለዘጠኝ ይካፈላል። ስለዚህ ቦታ የተለዋወጠ አኃዝ አይደለም። ቀጥሎ 400ን ለሁለት ከፍሎ 200 ብር የሆነ ሰነድ ፈለገ፤ ወጪ ሆኖ ሳለ ገቢ ተብሎ የተመዘገበ ካለ ልዩነቱ የመጠኑ እጥፍ ይሆናልና። የለም። ልክ 400 ብር ሆኖ ሳይመዘገብ የቀረ ወጪም የለም። የቀረው የኖቱ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ባለ 200።

ያኔ ሁለቱ ቁልፍ ያዦች ካዝናውን አብረው ከፈቱ። ካዝናው ውስጥ ብዙ ብር አለ፤ ሁሉንም ቆጥሮ ለመጨረስ ሌሊቱም አይበቃ። ነገር ግን ማሰሪያ ወረቀት ላይ ቀንና ፊርማ አለ። ጎዶሎው እስር በታሰረበት ቀን፣ በዚያው ሰው ፊርማ የታሰሩትን ባለ 200 እስሮች ብቻ ለዩ፤ ሃያ ሦስት ሆኑ። ልጅቷ ወደ ማሽኑ ታቀርባለች፣ ተቆጣጣሪው ያያል፣ ጋሼ ይመዘግባሉ። መቶ፣ መቶ፣ መቶ። አሥራ አንደኛው ላይ ማሽኑ መቶ ላይ ቆመ፤ ከላይ ግን ሁለት ኖት ቀርቷል።

መቶ ሁለት።

ልጅቷ አልገባትም። ጋሼ ማሽኑን ወደ እሷ አዞሩላት። ማሽኑ መቶ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ከታች ባለው መቀበያው ላይ ይደረድራል። ሠራተኛው መቶውን አንሥቶ ያስራል። ጋሼ ኖቶቹን ጫኑ፤ ማሽኑ ቆጥሮ ቆመ፤ እሳቸውም በጥድፊያ እንደሚያነሣ ሰው ነጠቅ አድርገው አነሡ። ሁለት ኖት ከመቀበያው ግድግዳ ተጣብቆ ቀረ። ማሽኑ የሚቀጥለውን መቶ በእነዚያ በሁለቱ ላይ ደረደረ። ፊተኛው እስር ዘጠና ስምንት፣ ኋለኛው መቶ ሁለት። ማሽኑ ሁለት ጊዜ በትክክል መቶ ቆጥሯል፤ የተሳሳተው እጅ ነው። የሁለቱ ድምር ሁለት መቶ ስለሆነ፣ ያ ገንዘብ ያዥ በዚያን ቀን ሒሳቡን ሲዘጋ አንድ ብር እንኳ አልጎደለውም። ያጠፋው ጥፋት መኖሩን ሳያውቅ በሰላም ወደ ፓዌ ሄደ።

«ስለዚህ ጉድለቱ ከኔ አልነበረም» አለች።

«ብሩ የጎደለው ባንቺ አይደለም፤ ጠዋት የፈረምሽው ግን አንቺ ነሽ» አሉ ጋሼ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ሳትቆጥሪ ስትፈርሚ አይቼ ዝም ብያለሁ። ይኼ በኔ ላይ ይጻፋል» አሉ፤ በመመዝገቢያውም ላይ ጻፉት።

የተገኘውን 400 ብር ግን አንሥተው መሳቢያዋ ውስጥ አልጨመሩላትም። ትርፉ የካዝናው ትርፍ ሆኖ በዚያው ማታ ለብቻው ተመዘገበ። የእሷም ጉድለት እንደተመዘገበ አደረ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን መዝገብ፣ ሁለቱን ማሰሪያ ወረቀትና የታሸገውን ፖስታ አገናዝባ አንዱ በሌላው እንዲዘጋ ፈረመች። ያን ዕለት ጠዋት ጋሼ መነሻዋን ሲያወጡላት ልጅቷ ማሽኑን ወደ ራሷ ሳበች። ጋሼም ወንበር ስበው ተቀመጡና ሃያ አራቱንም እስር ቆጥራ እስክትጨርስ ጠበቁ።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያልቃል። የምሳሌ ነገር ሆኖ ብሩ ተገኘ፤ በእውነተኛው መስኮት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ደንበኛው መቶ ሁለቱን እስር ተቀብሎ ሳይቆጥር ይሄዳል፣ ወይም ቆጥሮ ዝም ይላል፤ ጉድለቱን ገንዘብ ያዡ ይከፍላል። ባንኮች ለገንዘብ ያዥ ለጉድለት ማካካሻ የሚሆን አበል የሚያስቡት ይኼ እንደሚደርስ ስለሚያውቁ ነው። አበሉ ግን ገንዘቡን እንጂ ስምን አያካክስም።

የገንዘብ አያያዝ መመሪያ ብዙ ገጽ አለው። አዲስ ሠራተኛ ሁሉንም በአንድ ቀን አይዘውም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስይዘው ርክክብን ነው። ብር ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው በተላለፈ ቁጥር፣ ከካዝና ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ደንበኛ፣ ከደንበኛ ወደ መስኮት፣ ማታም ተመልሶ ወደ ካዝና፣ ሰጪና ተቀባይ በአንድ ጊዜ እያዩት ይቆጠራል፤ ፊርማ ከቆጠራው በኋላ ይመጣል። ይኼ ሲሆን ኃላፊነቱ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ በደቂቃ ይታወቃል። አንድ ርክክብ ሳይቆጠር ከታለፈ ግን ሁለት የኃላፊነት ዘመኖች ይቀላቀሉና ጉድለት ሲመጣ ባለቤቱ አይታወቅም። ከጎን መስኮት ለሚጠይቅ ባልደረባ ዝርዝር መስጠትም ርክክብ ነው፤ ፊት ያለው ደንበኛ ተስተናግዶ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖት ሲቀየር የዚህ ሥርዓት ዋጋ በአገሪቱ ሁሉ ታይቷል። አሮጌዎቹ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ ተሰብስበው እንዲወጡ ተወሰነ፤ ባለ 200 ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ዓመታት በቤት የተቀመጠ፣ የተጨማደደና እርጥበት ያገኘው ብር በከረጢት መጣ። እንዲህ ያለውን ብር ማሽን አጥርቶ አይቆጥረውም፤ በእጅ ይቆጠራል። የአንዱ ከረጢት ሳያልቅ የሌላው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ የማን እንደጎደለ ማንም አይናገርም። ባለቤቱ ቆሞ እያየ፣ አንድ ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ፣ የሚለው ሕግ ያኔ ደንበኛውንም ገንዘብ ያዡንም አብሮ የሚጠብቅ ነበር። ባለ 200 ከመጣ ወዲህ ደግሞ የአንድ እስር ከፍተኛ ዋጋ ከ10,000 ወደ 20,000 ብር አድጓል፤ በአንድ ቸልታ የሚጠፋው እጥፍ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ማሰሪያ ወረቀቱ ነው። ሠራተኞች እንደ ቆሻሻ ሲጥሉት አያለሁ። እስሩ ተፈትቶ ኖቶቹ ተቆጥረው መቶ እስኪሞሉ ድረስ ያ ወረቀት ከጠረጴዛው መነሣት የለበትም። ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ባይኖር ሃያ ሦስቱን እስር ከካዝናው መሀል መለየት አይቻልም ነበር። ቆጥሮ የሚያስርም ሰው እስሩን ካነሣ በኋላ መቀበያው ባዶ መሆኑን በዓይኑ ይይ፤ ከማሰሩ በፊትም አንድ ጊዜ ደግሞ ያሳልፈው። ፊርማው «እኔ ቆጥሬ መቶ አግኝቻለሁ» ማለት ነውና።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ልዩነት በዚያው ቀን በስሙ ይጻፋል። ጉድለት ከኪስ አይሞላም፤ ትርፍም ለነገ ጉድለት ተብሎ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ብዙ ሰው ጉድለትን ይፈራል፣ ትርፍን ግን እንደ ዕድል ያያል። ትርፍ የሌላ ሰው ጉድለት ነው፤ አንድ ደንበኛ ተበድሏል ወይም አንድ እስር ጎዶሎ ሆኖ ወጥቷል። በልምድ የበሰሉ ተቆጣጣሪዎች በየጊዜው ትንሽ ልዩነት ከሚያስመዘግብ ሠራተኛ ይልቅ ወራት ሙሉ አንድም ልዩነት የሌለውን መሳቢያ በድንገተኛ ቆጠራ ቀድመው ያዩታል። በቀን ብዙ ሺህ ኖት የሚያልፍበት እጅ ፈጽሞ ካልሳተ፣ ከመሳቢያው ጥግ የማይመዘገብ ትንሽ ተቀማጭ ሊኖር ይችላል።

ይኼ ሥርዓት ሁሉን አይችልም። ሁለት ቁልፍ ያዦች ለክፋት ከተስማሙ ሁለት ቁልፍ መኖሩ አያድንም። ለዚህ ነው ቁልፍ ያዦች የሚቀያየሩት፣ የዓመት ዕረፍት የግድ የሚወጣው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰውም ቀን ሳይነግር የሚቆጥረው። በደኅና ሰዎች መካከል ግን ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ክፋት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ታላቅን ማክበር፣ ሰው ፊት ሰውን አለማሳፈር፣ እነዚህ መልካም ነገሮች ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። መስኮቱ ውስጥ ሲገቡ ግን የሚጎዱት ያንኑ የተከበረውን ሰው ነው። የቤኒሻንጉል ገዥ በነበሩት በሼህ ሖጀሌ አልሐሰን ዘመን ግብሩ ወርቅ ነበረ፤ በዚህ አገር ወርቅ በወቄት ሲመዘን ባለቤቱ ሚዛኑን ማየቱ ነውር ሆኖ አያውቅም። ብርም እንዲሁ ይታይ።

ስለዚህ ዋና ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ፣ አዲሱ ሠራተኛ ሊያፍራችሁ እንደሚችል ዕወቁ፤ ማፈሩን የምታስቀሩለት እናንተ ብቻ ናችሁ። ነገ ጠዋት መነሻውን ስታስረክቡ ማሽኑን ራሳችሁ ወደ እሱ ግፉለት፣ ሳይቆጥር ቢፈርም ሰነዱን መልሱበት፣ ቆጥሮ እስኪጨርስም ከጠረጴዛው አትነሡ።